የፓኬት ቡና ዋጋ ስትጨምሩ ለደንበኛ እንዴት ትነግራላችሁ?



ዛሬ ከተለመደው የዋጋ ዝርዝር ወጣ እንበል። ጥሬ ቡና በኪሎ ስንት ገባ፣ ጤፍ በኩንታል ስንት ዋለ የሚለውን በየቀኑ እዚሁ እናየዋለን። ሰሞኑን በኢንቦክስ የሚመጣልኝ ጥያቄ ግን ሌላ ነው። በቴሌግራም የተቆላ ቡና፣ በርበሬ፣ ሽሮ የምትሸጡ ልጆች «ቡና ጨመረ ብለህ ነገርከን፣ እሺ። እኛስ ለደንበኛ እንዴት እንንገረው?» እያላችሁ ነው።

ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነው። እኔ ደላላ ነኝ፤ ዋጋ ጨመረ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ ማለት ሥራዬ አለቀ። የእናንተ ሥራ ግን ያኔ ነው የሚጀምረው። መልሱን በአንድ ቤት ታሪክ ልንገራችሁ። የአክስቴ ልጅ በቴሌግራም የተቆላና የተፈጨ ቡና ትሸጣለች፣ ጥሬውን በእኔ በኩል ነው የምትገዛው። ሁለት ጊዜ ዋጋ ጨምራለች። አንዱን አበላሽተነዋል፣ አንዱን ተምረንበታል። ያበላሸነው ደግሞ በእኔ ምክር ነው።

*የመጀመሪያው ጊዜ*

በ2017 መግቢያ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ሁሉም ነገር አንድ በአንድ መንቀሳቀስ ጀመረ፣ የማሸጊያው ፓኬት እንኳን ሳይቀር። የግማሽ ኪሎው ቡና 380 ብር ነበር፣ 430 መሆን ነበረበት። እሷ «ምን ብዬ ልጻፍ?» አለችኝ። እኔም «ምንም አትጻፊ፣ ማታ ገብተሽ ፖስቱ ላይ ቁጥሩን ቀይሪው፣ ማን ያስታውሰዋል?» አልኳት።

ያስታወሰው ሰው ተገኘ። ከሦስት ቀን በኋላ አንዲት ደንበኛዋ፣ በመሥሪያ ቤታቸው ለአሥራ አንድ ሰው ቡና ሰብስበው የሚያዝዙ እናት፣ ስክሪንሾት ላኩላት። ለባልደረቦቻቸው ግሩፕ ፎርዋርድ ያደረጉት የድሮው ፖስት ነው፤ 380 ይላል። ሰዎቹ በዚያ ሒሳብ ብር አዋጥተው ሰጥተዋቸዋል። ልብ በሉ፣ ቻናል ላይ ያለውን ፖስት ብታስተካክሉት ቀደም ብሎ ፎርዋርድ የተደረገው ኮፒ አይቀየርም። የድሮው ዋጋ እናንተ በማታዩት ግሩፕ ውስጥ በሕይወት አለ ማለት ነው።

የአክስቴ ልጅ ደንግጣ «የዓለም ገበያ ጨምሮ ነው» ብላ መለሰችላቸው። እሳቸውም የጻፉት እስከ ዛሬ አይረሳኝም፦ «ልጄ፣ ሃምሳ ብሩ አይደለም ያስከፋኝ። ሰው ፊት ውሸታም ያስመሰልሽኝ ነው። ደግሞስ የዓለም ገበያ ሲቀንስ ትነግሪናለሽ?»

ልዩነቱን ለዚያ ትዕዛዝ ተወችላቸው። ግን ከዚያ በኋላ አላዘዙም። አሥራ አንድ ሰው በአንድ ማታ ሄደ።

ከዚህ የወጣው ትምህርት አጭር ነው። ደንበኛ የሚቀየመው በጭማሪው ብቻ አይደለም፤ ጭማሪውን ራሱ ሲያገኘውና እናንተ ስትደብቁት እንደነበር ሲገባው ነው። ስለዚህ ወሬው ከእናንተ መምጣት አለበት፣ ከገንዘቡም መቅደም አለበት። ለዚያ ደግሞ መጀመሪያ ሒሳቡን ራሳችሁ ማወቅ አለባችሁ።

*ጥሬው 20 በመቶ ጨመረ ማለት ፓኬቱ 20 በመቶ ይጨምራል ማለት አይደለም*

ሁለተኛው ጭማሪ የመጣው በየካቲት 2017 ነው። ያኔ ኒውዮርክ ላይ የአረቢካ ቡና የወደፊት ውል ዋጋ በፓውንድ ከ4 ዶላር በላይ ወጥቶ ነበር። ዋናው ምክንያት በብራዚል የነበረው ድርቅ ነው። እኛ የምንገዛው ጥሬ ቡና በኪሎ ከ500 ብር ወደ 600 ብር ገባ፣ 20 በመቶ ማለት ነው።

የመጀመሪያ ሐሳቧ «እንግዲያው እኔም 20 በመቶ ልጨምር» የሚል ነበር። 430 ላይ 20 በመቶ 86 ብር ነው፣ ፓኬቱ 516 ሊሆን ነው። ወረቀት አውጥተን ቁጭ አልን።

ቡና ሲቆላ ክብደት ይቀንሳል። የእሷ መቁያ 10 ኪሎ ገብቶ 8.4 ኪሎ ይወጣል፣ 16 በመቶ ይጠፋል ማለት ነው። የእናንተ ሊለይ ይችላል፤ ጠቆር አድርጋችሁ የምትቆሉ ከሆነ የበለጠ ይጠፋል። አንድ ቀን ከመቁላት በፊትና በኋላ መዝናችሁ እወቁት፣ በግምት አትሥሩ። ስለዚህ 500 ብር የተገዛው ጥሬ፣ ተቆልቶ ኪሎው 595 ብር ይሆናል፤ ግማሽ ኪሎው 298 ብር። 600 ብር የተገዛው ደግሞ ኪሎው 714፣ ግማሽ ኪሎው 357 ብር ይሆናል። የቡናው ጭማሪ በአንድ ፓኬት 59 ብር ነው።

የቀረው ወጪ አልተነካም። መቁያና ማስፈጫ 30 ብር፣ ፓኬትና ስቲከር 25 ብር፣ ማጓጓዣና ኢንተርኔት 17 ብር፣ በድምሩ 72 ብር። ቤት ማድረሻውን ደንበኛው ለብቻ ነው የሚከፍለው። በድሮው 298 እና 72 ሲደመር 370 ብር ይመጣል፤ 430 ስትሸጥ 60 ብር ትርፍ ነበራት። በአዲሱ ወጪው 429 ብር ሆነ። በ430 ከቀጠለች ትርፏ አንድ ብር ነው!

ስለዚህ መጨመር ግዴታ ነበር። ግን ስንት? ወጪዋ የጨመረው 59 ብር ነው። 60 ብር ጨምራ 490 ብትል የድሮውን ትርፏን ታገኛለች፣ ጭማሪውም 14 በመቶ ብቻ ነው። 516 ብትል ግን 26 ብሩ በቡናው ስም የተወሰደ ተጨማሪ ትርፍ ይሆናል። ትርፍ መጨመር ኃጢአት አይደለም፤ ግን «ቡና ስለጨመረ ነው» ብላችሁ ልትጽፉበት አትችሉም። ጥሬ ቡና ስንት እንደገባ የሚያውቅ አንድ ደንበኛ አይጠፋም። ደግሞ እኔ እዚህ ቻናል ላይ በየቀኑ እየጻፍኩት ነው!

ፓኬቱን ከ500 ግራም ወደ 450 ዝቅ አድርጎ ዋጋውን እንዳለ ማቆየት የሚል ሐሳብም መጥቶ ነበር። አልተቀበልነውም። ቡና የሚገዛ ቤት አንድ ፓኬት ስንት ቀን እንደሚያደርሰው ያውቃል፤ ያቺ 50 ግራም በሁለተኛው ወር ትታወቃለች። ያኔ ጭማሪው ሳይሆን ማታለሉ ነው የሚወራው።

*በእጅ ያለው ቡና ጉዳይ*

እዚህ ጋ ብዙዎቻችሁ ትሳሳታላችሁ። አንዳንዱ «በድሮ ዋጋ የገዛሁት እስኪያልቅ አልጨምርም» ይላል፣ ሌላው ወሬ በሰማ በሰዓቱ ይጨምራል። ሁለቱም ዋጋ ያስከፍላሉ።

የአክስቴ ልጅ በእጇ አንድ ኩንታል ተኩል፣ ማለትም 150 ኪሎ ጥሬ ቡና ነበራት። ተቆልቶ 126 ኪሎ፣ 252 ፓኬት ይወጣዋል። ሁሉንም በ430 ብትሸጥ ትርፏ 15,120 ብር ነው። ጥሩ ይመስላል። ግን ያንኑ 150 ኪሎ መልሳ ለመግዛት ከበፊቱ 15,000 ብር ተጨማሪ ያስፈልጋታል። ትርፉ በሙሉ ጆንያውን መልሶ ለመሙላት ሄደ፣ ለእሷ የተረፋት 120 ብር ነው። ነጋዴ ገና ያልገዛውን ዕቃ አስቦ የሚጨምረው ስግብግብ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ካልጨመረ ቀጣዩን ጆንያ አይገዛም።

በሌላ በኩል ሳትነግሩ ዛሬውኑ ከጨመራችሁ የመሥሪያ ቤቷ እናት ታሪክ ይደገማል። መካከለኛው መንገድ በድሮ ዋጋ የምትሸጡበትን የቀን ገደብ መስጠት ነው። ይህ ስጦታ ነው፤ ስጦታ ደግሞ ስንት እንደሚያወጣ አስቀድሞ ይታወቃል። በሳምንት 90 ፓኬት ያህል ትሸጥ ነበር። ማስታወቂያ ሲወጣ ሰው እንደሚሻማ ገምተን አሥር ቀን ሰጠን። በአሥሩ ቀን 160 ፓኬት ሄደ፣ ዋጋውም በፓኬት 59 ብር ሒሳብ ወደ 9,500 ብር ነው። የቀረውን 92 ፓኬት በአዲሱ ዋጋ ሸጠችው። 9,500 ብሩን መሸከም ባትችል ኖሮ አምስት ቀን እንሰጥ ነበር። አቅማችሁ ሦስት ቀን ከሆነ ሦስት ቀን ስጡ፣ ግን ስጡ።

«ያለው ክምችት እስኪያልቅ» አትበሉ። ክምችታችሁን ደንበኛው አያየውም፤ ሁለተኛ ቀን ላይ አለቀ ብትሉት አያምናችሁም። ቀን ግን ሁሉም ያያል። ለአንድ ሰው የሚሸጠውን ደግሞ ገድቡ። እኛ አራት ፓኬት ብለናል፤ አለበለዚያ አንድ ቸርቻሪ መጥቶ ሁሉንም ይጠርገዋል፣ የእናንተም ስጦታ የእሱ ትርፍ ይሆናል።

*ማን ይቅደም፣ ምን ይጻፍ*

ቻናሉ ላይ ከመለጠፏ ከአንድ ቀን በፊት በወር ሁለት ጊዜና ከዚያ በላይ ለሚያዝዙ 34 ሰዎች በኢንቦክስ ለየብቻ ጻፈች። ሁለት ሰዓት ያህል ወሰደባት። የዘወትር ደንበኛ ወሬውን ከማንም እኩል በቻናል ሲያነብና ቀድሞ በስሙ ተጠርቶ ሲነገረው አንድ አይደለም። አስቀድመው ብር በቴሌብር የላኩትንም ለይታ «የእርስዎ ትዕዛዝ በድሮው ዋጋ ነው፣ ምንም አይጨምሩም» አለቻቸው። የተከፈለበት ዋጋ አይነካም።

በማግስቱ ቻናሉ ላይ የወጣው ይህ ነው፦

«ሰላም ውድ ደንበኞቻችን። የግማሽ ኪሎ የተፈጨ ቡና ዋጋ ከመጋቢት 1 ጀምሮ ከ430 ብር ወደ 490 ብር ይሆናል። እስከ የካቲት 30 ማታ 2 ሰዓት ድረስ ያዘዘ ሁሉ በ430 ይወስዳል፣ ለአንድ ሰው እስከ አራት ፓኬት። ምክንያቱ ጥሬ ቡና የምንገዛበት ዋጋ በኪሎ ከ500 ወደ 600 ብር መግባቱ ነው፤ ይህ ተቆልቶ ለአንድ ፓኬት 59 ብር ይጨምራል። ቡናው ያው ነው፣ 500 ግራሙም ያው ነው፣ የማድረሻ ዋጋም አልተቀየረም። የተፈጨ ቡና ሲቆይ ሽታው ስለሚቀንስ ከወር ፍጆታችሁ በላይ እንድታከማቹ አንመክርም። የጥሬው ዋጋ ሲወርድም በዚሁ ቻናል እናሳውቃለን።»

እስቲ አብረን እንየው። የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ዕቃውን፣ ቀኑን፣ የድሮውንና የአዲሱን ዋጋ ይናገራል። ብዙ ሰው የድሮውን ዋጋ መጻፍ ይፈራል። አትፍሩ፤ ደንበኛው ያውቀዋል፣ ባትጽፉት ፈልጎ ያገኘዋል። ምክንያቱ አንድ ብቻ ነው፣ ያውም በቁጥር። «ከወቅታዊ ሁኔታዎች ጋር በተያያዘ» የሚል ነገር የለም፤ ያንን ያነበበ ሰው የሚሰማው አንድ ነገር እንደተደበቀ ነው። የኒውዮርክንና የብራዚልን ነገርም አላስገባነውም፤ ለሚጠይቅ እንመልሳለን እንጂ ደንበኛው የሚከፍለው አዲስ አበባ በገባው ዋጋ ነው። ይቅርታም አልጠየቀችም። ይቅርታ ላጠፋ ነው፤ በትክክለኛ ሒሳብ መጨመር ጥፋት አይደለም፣ ብዙ ይቅርታ ሲበዛ ደግሞ ሰው ጥፋቱን መፈለግ ይጀምራል።

ከዚያ ፖስቱን ፒን አደረገችው፣ የድሮ ፖስቶቿንም እያስተካከለች «ይህ ዋጋ እስከ የካቲት 30 ብቻ» ብላ ጻፈችባቸው። ከዚያ ወዲህ ዋጋ ያለው ፖስት ሁሉ የሚያበቃበት ቀን አለው። ፎርዋርድ ቢደረግ እንኳን ቀኑ አብሮት ይሄዳል።

አንድ ነገር ልጨምር፦ በዓል ዋዜማ ላይ አትንገሩ። ለፋሲካ ሦስት ቀን ሲቀር የወጣ ጭማሪ፣ ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን፣ «በዓል አይቶ ጨመረ» ነው የሚባለው።

*መልሱ ሲመጣ*

በሁለት ቀን ውስጥ ወደ ሃያ የሚሆን ሰው ጻፈላት። አብዛኛው «እሺ፣ ስለነገርሽን እናመሰግናለን፣ ሁለት ያዢልኝ» ነው። ያስቸገሩት ሦስት ዓይነት ናቸው።

አንዱ «እገሌ ጋ 440 ነው» አላት። ሌላውን ሱቅ አላጣጣለችም። «ሊሆን ይችላል፣ ቀድሞ የገዛው ሊኖረው ይችላል። የእኔ ሒሳብ ይኸው ነው» ብላ ያንኑ ቁጥር ደገመችለት። አልገዛም። በወሩ ተመልሶ መጣ፤ እዚያም ጨምሮ ነበር። ባይመለስም ኖሮ ያ ሰው ደንበኝነቱ ለዋጋ ብቻ ነበር ማለት ነው።

ሁለተኛዋ «ለእኔ ብቻ በድሮው አድርጊልኝ፣ ለማንም አልናገርም» አለቻት። ይህ ከባድ ነው፣ ይሉኝታ አለበት። ግን በኦንላይን ሱቅ ምስጢር የለም፤ የአንድ ሰው ልዩ ዋጋ በስክሪንሾት ወጥቶ 490 የከፈለውን ሁሉ ያስቀይማል። መልሷ «እህቴ፣ ለአንቺ ብቻ አልችልም፣ ግን እስከ 30 ድረስ አራት ፓኬት ልያዝልሽ» የሚል ነበር። ለሁሉም የተፈቀደውን ነው የሰጠቻት፣ ግን ቀድማ ያዘችላት።

ሦስተኛው ነው ልብ የሚነካው። አንድ ጡረተኛ አባት «ልጄ፣ 490 አልችልም» አሏት። እዚህ ላይ ክርክር አይሠራም፤ እውነት ነው። ለዚህ ሩብ ኪሎ አዘጋጀች። ወጪው ሲሰላ ቡናው 179፣ መቁያና ማስፈጫው 15፣ ፓኬቱ 22፣ ሌላው 9፣ በድምሩ 225 ብር መጣ፤ ዋጋውን 255 አለችው። ልብ በሉ፣ ሁለት ሩብ 510 ብር ነው፣ ከግማሽ ኪሎው 20 ብር ይበልጣል። ፓኬት ሲያንስ ማሸጊያው በዚያው ልክ ስለማይረክስ ነው። ይህንንም ራሷ ጻፈችው፦ «የሚቻለው ሰው ግማሽ ኪሎውን ቢወስድ ይሻለዋል።» አባት ሩብ ሩብ ይወስዳሉ፣ እስከ ዛሬ አሉ።

*እንዴት ይታወቃል?*

ተሳካ ወይስ አልተሳካም የሚለውን በኮሜንት አትለኩት። የተቆጣ ሰው ሁሉ አይጽፍም፣ ዝም ብሎ ነው የሚሄደው። በመጀመሪያው ሳምንት ሽያጭም አትለኩት፤ በድሮ ዋጋ የገዛ ሰው ቤቱ ቡና አለው፣ ስለዚህ ሽያጭ መውረዱ አይቀርም። እሷም በአዲሱ ዋጋ የመጀመሪያ ሳምንት 41 ፓኬት ብቻ ሸጣ አልቅሳ ነበር። ትክክለኛው መለኪያ የዘወትር ደንበኞች ስም ዝርዝር ነው። ከ34ቱ በስድስት ሳምንት ውስጥ ስንቱ መልሶ አዘዘ? 31። ሦስቱን ኢንቦክስ ጠየቀቻቸው፤ አንዷ አገር ቤት ሄዳ ነው፣ ሁለቱ ዋጋው ነው አሏት።

ከወራት በኋላ ጥሬው ከ600 ወደ 560 ወረደ። በፓኬት 24 ብር ይቀንሳል። አሁን ደግሞ እኔ ደላላው «ዝም በይ፣ ትርፍሽ ነው» ልላት ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። እሷ ግን «እናሳውቃለን ብያለሁ» አለችኝና ከ490 ወደ 470 አወረደችው፣ በዚያው መልክ፦ የድሮው፣ አዲሱ፣ ቀኑ፣ ምክንያቱ። አራት ብሩን ለማሸጊያ ጭማሪ እንዳስቀረችም ጻፈች።

ያንን ፖስት ለመሥሪያ ቤቷ እናትም በኢንቦክስ ላከችላቸው፣ ምንም ሌላ ነገር ሳትጨምር። ሁለት ቀን ዝም አሉ። በሦስተኛው «አሥራ አንዱም ባይሆን ስድስት ሰው አለኝ፣ ስድስት ግማሽ ኪሎ» የሚል መልእክት መጣ።

ጭማሪ ልትነግሩ ያሰባችሁ ካላችሁ ወጪያችሁን በአራት መስመር ጽፋችሁ ላኩልኝ፣ አብረን እንሠራዋለን። የነገ ጠዋት ዋጋ በተለመደው ሰዓት ይለጠፋል። ሰላም እደሩ።